«300 ሰው ይይዛል» ያሉኝን አዳራሽ በሜትር ስለካው

ታናሽ እህቴ የሠርጓን ቀን ስትቆርጥ አዳራሽ የማግኘቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እንግዶቻችን 180 ነበሩ። ግብዣው የማታ ነው። ባንድ አለን። ምግቡን የሚያቀርበው አዳራሹ ሳይሆን እኛ የቀጠርናት ባለሙያ ናት። እነዚህን አራት ነገሮች ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ከቤት ወጣሁ።

ሰባት አዳራሽ አየሁ። አራቱ በዋጋ ወይም በቀን ስላልተስማሙን ቶሎ ወደቁ። ሦስት ቀሩ። አንዱ ሰው ሁሉ «ሰፊ ነው» ብሎ ያመሰገነልን ነው። ሁለተኛው በአትክልት የተከበበ ነው። ሦስተኛው ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ነው። እዚህ የምጽፈው እነዚህን ሦስቱን እንዴት እንዳወዳደርኩ ነው። ያመለጠኝንም አልደብቅም፤ አንድ ነገር አምልጦኝ እንግዶቼ ተቸግረውበታል።

ከሰፊው ልጀምር። ሥራ አስኪያጁ ገና ከመግባቴ «300 ሰው ይይዛል» አለኝ። እውነትም ባዶውን ሲያዩት ሰፊ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ የሚያበራ፣ ድምፅ የሚያስተጋባ። እኛ 180 ነን፤ 120 ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ይተርፈናል ብዬ ደስ አለኝ። ቀብድ ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያስቆመኝ ዲኮር የምትሠራልን ልጅ ናት። አብራኝ መጥታ ነበር። «300 ምን ላይ ተቀምጦ ነው?» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አሰበና «ወንበር ብቻ ከተደረደረ» አለ። ልክ እንደ ስብሰባ፣ ሰው በሰው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ መድረኩ አዙሮ ማለት ነው። ጠረጴዛ የለም። ምግብ የለም። የሚጨፈርበት ቦታ የለም። የአዳራሽ አቅም ሲነገራችሁ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ አትለፉ። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን የሌላ ዓይነት ዝግጅት ቁጥር ነው።

እሷ ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች። ጫፉን እኔ ያዝኩ፣ እሷ ወደ ግድግዳው ሄደች። 18 ሜትር በ12 ሜትር ሆነ። 216 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ የማይቀመጥበትን ቦታ እየቀነስን ሄድን። ለባንዱና ለሙሽሮቹ መድረክ 6 በ4፣ ማለትም 24 ካሬ። ለጭፈራ 5 በ5፣ 25 ካሬ። ለቡፌው ጠረጴዛና ፊቱ ለሚሰለፈው ሰው 20 ካሬ ያህል። ለድምፅ ማጉያ ባለሙያው ዴስክና ለቪዲዮ አንሺዎች 6 ካሬ። ሲደመር 75 ሆነ። የቀረን 141 ካሬ ሜትር ነው።

አሁን ጠረጴዛው። አሥር ሰው የሚቀመጥበት ክብ ጠረጴዛ ስፋቱ 1 ሜትር ከ80 ነው። ግን ጠረጴዛ ብቻውን አይቆምም። ዙሪያውን ወንበር አለ፤ ወንበር ላይ ሰው አለ፤ ከሰውየው ጀርባ ደግሞ ትሪ የያዘ አስተናጋጅ ያልፋል። ስለዚህ ከአንዱ ጠረጴዛ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል መተው አለበት። ይህ ሲደመር አንድ ጠረጴዛ 3 ሜትር ከ30 በ3 ሜትር ከ30 ቦታ ይወስዳል። ወደ 11 ካሬ ሜትር ነው። 141ን ለ11 ስናካፍል 12 ጠረጴዛ አገኘን። 120 ሰው። መሃል ላይ ያሉት ሁለት ምሰሶዎች ደግሞ አንዱን ጠረጴዛ ሳያበላሹት አይቀርም። እኛ የምንፈልገው 18 ጠረጴዛ ነው።

ሥራ አስኪያጁ «ጠጋ ጠጋ ካላችሁ ይበቃችኋል» አለን። ጠጋ ማለት ግን የሆነ ነገር ማጣት ነው። ወይ አስተናጋጅ አያልፍም፣ ወይ የጭፈራው ቦታ ይቀራል፣ ወይ ከግድግዳው ጥግ ያለው አዛውንት ለመውጣት አምስት ሰው ማስነሳት ግድ ይሆንባቸዋል።

ስንወጣ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። በመጋረጃው ጀርባ ሁለተኛ በር አለ፤ ከላዩ አረንጓዴ የመውጫ ምልክት ተለጥፏል። እጀታው ላይ ግን ሰንሰለት ተጠምጥሞ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። «ሌባ እንዳይገባ ነው» አሉኝ። በብዙ አገሮች ደንብ ከ50 ሰው በላይ የሚሰበሰብበት ክፍል ቢያንስ ሁለት መውጫ ሊኖረው ይገባል፤ መውጫ የሚባለውም ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚከፈት ነው። 180 ሰው እሳት ወይም ጭስ ቢነሳ በአንድ በር እንዴት እንደሚወጣ አሰብኩና ሆዴ ተረበሸ። ይህ አዳራሽ በስፋት ባይወድቅ እንኳ በዚህ በር ይወድቅብኝ ነበር። ስለዚህ መጋረጃ ካያችሁ ግለጡት። በር ካያችሁ ግፉት።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ አልወሰደብንም። ስፋቱ 20 በ16 ነው፤ በዚያው ስሌት 22 ጠረጴዛ ይይዛል። ንጹሕ ነው፣ አዲስ ነው። ችግሩ አሳንሰሩ ነው። አንድ ብቻ ነው፤ ስድስት ሰው ይይዛል። ወጥቶ፣ ሰው አውርዶ፣ ተመልሶ እስኪመጣ በሰዓት ያዝኩት፤ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። 180 ሰው በስድስት ሲካፈል 30 ምልልስ ነው። አንድ ሰዓት። ያውም ማንም ሻንጣ ሳይዝ፣ በመሃል ማንም ሳይወርድ። ወጣቱ በደረጃ ይወጣል ይባል። ግን ማዕድ ቤቱም ምድር ቤት ነው፤ ምግቡ የሚወጣው በዚያው አሳንሰር ነው። ለአነስተኛ ዝግጅት ግሩም ቦታ ነው፤ ለእኛ አልሆነም።

ስለዚህ ዓይናችን የአትክልቱ ላይ አረፈ። 24 በ15፣ 360 ካሬ ሜትር። 75ቱን ስንቀንስ 285 ይቀራል። 25 ጠረጴዛ ማለት ነው፤ እኛ 18 ነው የምንፈልገው። ሁለቱም በሮች በእጅ ሲገፉ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ደረጃ የለውም። እህቴ የአትክልቱን መብራት አይታ ልቧ ቀለጠ። እኔ ግን ገና መጸዳጃ ቤቱን አላየሁም ነበር።

በመጸዳጃ ቤት ነገር ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው «አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ያልፈዋልና። የሴቶቹ ጋር ሦስት በር አለ። አንዱ ተቆልፏል። አስከፈትኩት። መወልወያ፣ ባልዲና እግራቸው የተሰበረ ሁለት ወንበሮች ወጡ። ከጀርባቸው ያለው መቀመጫ ደህና ነው፤ እንደ ዕቃ ቤት ስለሚጠቀሙበት ብቻ ነው የተዘጋው። ስለዚህ ለእንግዳ ያለው ሁለት ነው።

ሁለት ይበቃል አይበቃም የሚለውን የምናውቀው በጠቅላላው የሰው ቁጥር አይደለም። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚነሳበትን ሰዓት ነው ማሰብ ያለብን። ከእንግዶቻችን 100 ያህሉ ሴቶች ናቸው። በፕሮግራማችን ከእራት በኋላ ኬክ እስኪቆረስ የ20 ደቂቃ እረፍት ነበር። በዚያ እረፍት 40ዎቹ ይነሳሉ ብለን እናስብ። አንዲት ሴት፣ ያውም ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ገብታ እስክትወጣ ሁለት ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ አንዱ ክፍል በ20 ደቂቃ አሥር ሰው ያስተናግዳል። ሁለቱ 20 ሰው። ኬኩ ሊቆረስ ሲል 20 ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል ማለት ነው፤ የመጨረሻዋ ሌላ 20 ደቂቃ ትጠብቃለች። የተቆለፈው ከተከፈተ ግን በ20 ደቂቃ 30 ሰው ይስተናገዳል፤ የቀሩት አሥሩ በስምንት ደቂቃ ያልቃሉ።

ሌላም አለ። የሁለቱንም መቀመጫ ውኃ ለቀቅኩና ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ። አንዱ ከአንድ ደቂቃ በጥቂት አልፎ ሞላ። ሁለተኛው እንደ ክር በቀጠነ ውኃ ሲንጠባጠብ ቆይቶ ለመሙላት አምስት ደቂቃ ፈጀ። በየሁለት ደቂቃው ሰው በሚገባበት ሰዓት ይህ መቀመጫ የሚለቀው ውኃ የለውም። ከሦስተኛው ሰው በኋላ ማንም አይገባበትም። ከሩቅ ሲያዩት ደህና የሆነው መቀመጫ በሠርጉ ሰዓት እንደሌለ ይቆጠራል። የጽዳት ሠራተኛዋ «ከሥር ያለው ቫልቭ ግማሽ ተዘግቶ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ አምጡ ብያቸው ነበር» አለችኝ። ከሥራ አስኪያጇ ይልቅ የማምናት እሷን ነው። አዳራሽ ስትጎበኙ የጽዳት ሠራተኛዋንና የጥበቃውን ሰው ሳታናግሩ አትውጡ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር አደረግን። የተቆለፈው ክፍል እንዲከፈትና ቫልቩ እንዲስተካከል በውሉ አስጻፍን። ፕሮግራሙንም ቀየርነው። «እረፍት ነው» የሚለው ማስታወቂያ ቀረ። ቡፌውም በየጠረጴዛው እየተጠራ እንዲሄድ ሆነ። ሰው በየተራ ሲበላ በየተራ ይነሳል።

ማዕድ ቤቱን ለማየት ምግብ አቅራቢዋን ይዣት ሄድኩ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። እንደ እኔ ምድጃውን አላዩም። መጀመሪያ የጠየቁት «የምናራግፈው በየት ነው?» ብለው ነው። መኪናቸው ቆሞ ዕቃ ከሚወርድበት እስከ ማዕድ ቤቱ ያለውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ። በሩን በክንዳቸው ለኩት፤ ትልቁ ትሪያቸው ያልፋል። ከዚያ የብሬከር ሳጥኑ ይከፈትልኝ አሉ።

«ልጄ፣ ሶኬት አትቁጠሪ። መስመር ቁጠሪ» አሉኝ። በግድግዳው ላይ ስድስት ሶኬት አለ። ስድስቱም ግን ከሁለት ብሬከር ነው የሚመጡት። እሳቸው ምግብ ማሞቂያ የሚያደርጉባቸው አራት ዕቃዎች አሏቸው፤ እያንዳንዱ 2 ሺህ 500 ዋት ይበላል። ባለ 16 አምፔር መስመር በ230 ቮልት 3 ሺህ 680 ዋት ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ አንድ መስመር አንድ ማሞቂያ ነው። ሁለተኛው ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ ሁሉም ይቀዘቅዛል። በሁለት መስመር አራቱን ማሞቅ አይቻልም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ ሁለቱን ማሞቂያ በጋዝ በሚሠሩ ቀየሯቸው። ግን ጋዝ በአዳራሹ ውስጥ ይፈቀድ እንደሆነ ማጣራት ነበረብን። ውስጥ አይፈቀድም፤ በማዕድ ቤቱ ጓሮ፣ ጣሪያ ሥር ይፈቀዳል። ይህን በቀኑ ብንሰማው ኖሮ ምን ይደረግ ነበር? ትኩስ ምግብ ቢያንስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መቆየት አለበት፤ ለብ ብሎ ለሰዓታት ከቆየ ሰው ያሳምማል። ከውጭ ምግብ የምታስገቡ ከሆነ አዳራሹን ያለ ምግብ አቅራቢያችሁ አትምረጡ። «ማዕድ ቤት አለን» ሲሏችሁም ማብሰያ ነው ወይስ ማሞቂያ ብቻ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይከፈታል፣ የሞቀ ውኃ አለው ወይ፣ ቆሻሻውን የሚያነሳው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ አዳራሽ ደግሞ ምግብ ከውጭ ሲገባ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ያ ገንዘብ ከኪራዩ ጋር ተደምሮ ነው መወዳደር ያለበት።

ድምፁ ነው ልባችንን የከፈለው። አዳራሹ በመኖሪያ ቤቶች መሃል ስለሆነ መድረኩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ድምፅ የምትለካ አንዲት ሳጥን ተገጥማለች። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት አላት። 85 ዴሲቤል ላይ ተሞልታለች። ቀዩ ለጥቂት ሰከንድ ከበራ የመድረኩን ኤሌክትሪክ በሙሉ ታጠፋለች።

85 ብዙ ይመስላል። እኔም እንደዚያ መሰለኝ፤ ተራ ወሬ 60 ነው ይባላልና። ባንዱ ውስጥ ድራም የሚመታው የአጎቴ ልጅ ነው። ይዤው ሄድኩ። ስኔር የሚባለውን አንዱን ድራም ብቻ ይዞ መጣ። ባዶው አዳራሽ መሃል ቆሞ እንደ ልማዱ አንዴ መታው። አረንጓዴው ጠፋ፣ ቢጫው አልቆየም፣ ቀዩ በራ። ገና ስፒከር የለም፣ ጊታር የለም፣ ዘፋኝ የለም። ድራም በባዶው ያለ ማጉያ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። በዚህ መለኪያ ደግሞ 10 ሲጨምር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ይሰማናል። ስለዚህ በ85 እና በ100 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። «ቀስ ብላችሁ ምቱ» የሚባልበት ዓይነት ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «በቀኑ ያልፉናል» ብሎ ነው። ሳጥኗ ሰው አይደለችም፤ አትለመንም። ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ መብራቱ ጥፍት ይላል። እንደገና እስኪነሳ የባንዱ ዕቃ ሁሉ መቋረጡ ነው፤ ድንገት ኤሌክትሪክ መቋረጡና መመለሱ ዕቃውንም ሊጎዳው ይችላል። የአጎቴ ልጅ ራሱ ነው መላውን ያመጣው። የኤሌክትሪክ ድራም ልከራይ አለ። የኤሌክትሪኩ ድምፅ የሚወጣው በስፒከር ብቻ ስለሆነ መጠኑን ድምፅ ባለሙያው ከዴስኩ ይቆጣጠረዋል። ሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ሄደው ሞከሩ። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ቢጫው ላይ ቆመ። ሰው ሲገባ ልብስና ሰውነት የሚያስተጋባውን ድምፅ ስለሚውጠው ትንሽ ይሻለናል አሉ።

መስኮትስ? በአዳራሹ ደንብ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የአትክልቱ በርና መስኮት ሁሉ ተዘግቶ ነው ሙዚቃ የሚፈቀደው። ይህን የሰማሁት በጥያቄ ነው፤ ማንም አልነገረኝም። 180 ሰው እየጨፈረ መስኮት ከተዘጋ ሙቀቱ አይቻልም። የአየር ማቀዝቀዣው ይሠራል ወይ ብዬ አስከፈትኩት፤ ይሠራል። ባይሠራ ኖሮ ያ የሚያምር አትክልት ምንም አይጠቅመንም ነበር። ሙዚቃው ደግሞ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ያቆማል። የመጨረሻው ጭፈራ 4 ሰዓት ሳይሞላ እንዲያልቅ ፕሮግራሙን ከኋላ ወደ ፊት ሠራነው።

አሁን ወደ ውሉ። ሦስት ገጽ ነው። ሥራ አስኪያጇ በስልክ «የተለመደ ነው፣ ፈርማችሁ አምጡ» አለችኝ። ቤት ይዤው ሄድኩና ቁጭ ብዬ እርሳስ ይዤ አነበብኩት።

መጀመሪያ ያሰመርኩበት ሰዓቱ ነው። «ኪራይ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት» ይላል። አሥር ሰዓት ነው፤ ግብዣችን ደግሞ ከ11 እስከ 4፣ አምስት ሰዓት ብቻ። ሰፊ ጊዜ ይመስላል። ዲኮር ሠሪዋን ስጠይቃት ግን ለመሥራት አራት ሰዓት ያስፈልጋታል። ከ7 እስከ 11፣ ልክ ነው። ለማንሳት ደግሞ ሁለት ሰዓት። እንግዳ 4 ሰዓት ላይ ሲወጣ ማንሳቱ የሚያልቀው 6 ሰዓት ነው። ውሉ 5 ሰዓት ይላል፤ ያ 5 ሰዓት የእንግዳ መውጫ ሳይሆን ቁልፍ የሚመለስበት ነው። ከታች ባለው አንቀጽ ደግሞ ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈላል፤ አንድ ደቂቃ ቢያልፍም እንደ ሙሉ ሰዓት ይቆጠራል ይላል። እንደዚያው ብፈርም ኖሮ ከመጀመሪያውኑ ለቅጣት የፈረምኩ ነበር። ተነጋገርን። «ያለ ሙዚቃ ዕቃ ለማንሳት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት» የሚል ተጨመረ። ክፍያም አልጨመሩብንም። ከመፈረሜ በፊት ስለጠየቅኩ ይመስለኛል፤ ከፈረምኩ በኋላ እሺ ይሉኝ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛው የአዳራሹ ስም ነው። ውሉ «አንድ አዳራሽ» ይላል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይልም። ግቢው ውስጥ ሁለት አዳራሽ አለ፤ ሌላው የእኛን ግማሽ እንኳ አያክልም። «አከራይ እንደ አስፈላጊነቱ ተመጣጣኝ ቦታ ሊቀይር ይችላል» የሚል መስመርም አገኘሁ። ያንን አሰረዝኩ። አትክልቱን የሚያየው ትልቁ አዳራሽ ተብሎ፣ ከነስፋቱ ተጻፈ።

ሦስተኛው ስረዛው ነው። እኛ ብንሰርዝ ምን እንደምናጣ በዝርዝር ተቀምጧል። እነሱ ቢሰርዙስ? አንድ ቃል የለም። የሠርግ ጥሪ ከተበተነ በኋላ አዳራሽ የሰረዘበት ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ ቅርቤ በሆነ ቤተሰብ አይቻለሁ። ስለዚህ እነሱ ከሰረዙ የከፈልነው ሁሉ በሰባት ቀን እንዲመለስ አስጻፍኩ። ቀብዱና የጉዳት መያዣው ለየብቻ እንዲጻፍም ጠየቅኩ። ቀብድ የኪራዩ አካል ነው፤ መያዣ ግን ምንም ካልተሰበረ የሚመለስ ገንዘብ ነው። በአንድ መስመር ተደባልቀው ከተጻፉ በኋላ ማስመለሱ ክርክር ነው። መያዣው ከዝግጅቱ በኋላ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲመለስ ተስማማን።

የመጸዳጃ ቤቱ ነገር፣ የጋዙ ፈቃድና መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩን በራሳቸው ነዳጅ እንደሚያስነሱም በአንድ ተጨማሪ ገጽ ገቡ። እሱም ላይ ሁለታችንም ፈረምን። በቃል የተባለ ነገር ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ያመለጠኝ ፓርኪንጉ ነው። ልክ እንደ ሌላው ለክቼው ነበር። የማቆሚያው ግቢ 50 በ30 ነው። አንድ መኪና መተላለፊያውን ጨምሮ 25 ካሬ ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ 60 መኪና የሚለው ቃላቸው እውነት ነው። ከእንግዶቻችን 130 ያህሉ በመኪና ይመጣሉ፣ በአንድ መኪና በአማካይ ሦስት ሰው ቢሆን ወደ 45 መኪና ነው፤ የአቅራቢዎቹ ሲጨመር 50። ይበቃል አልኩ። የጠየቅኩት «ስንት መኪና ይይዛል?» ብዬ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ «በዚያ ቀን ከዚህ ውስጥ የእኛ ስንቱ ነው?» ነበር።

በሠርጉ ቀን በትንሹ አዳራሽ የልደት ግብዣ ነበር። የእነሱ እንግዶች ቀድመው መጥተው 25 ቦታ ይዘዋል። ቀድሜ የጠቀስኩትን ስሌት ሁሉ ይህ አንድ ነገር አፈረሰው። 15 ያህል መኪኖች መንገድ ዳር ቆሙ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አክስቴ ከዋናው መንገድ ድረስ በእግራቸው መጡ። ደርሰው ሲቀመጡ ላባቸውን እየጠረጉ «አይ ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ግቢው ውስጥ ከአንድ በላይ አዳራሽ ካለ፣ ለእናንተ የተመደበው የመኪና ቁጥር በውሉ ይግባ። በሩ አጠገብም ለአቅመ ደካሞች አምስት ቦታ በኮን ይከለል። ለጥበቃውም ከአንድ ቀን በፊት ይነገረው።

የቀረው እንዳሰብነው ሄደ። ድምፁ ቢጫው ላይ ሲጨፍር አመሸ፤ ቀዩ አንዴም አልቆየም። የሴቶቹ ኮሪደር ላይ ከአምስት ሰው በላይ ሲሰለፍ አላየሁም። ዕቃው ተነስቶ ቁልፉን የመለስነው ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው።

በማግስቱ አዳራሹን ለማስረከብ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጇ ከመድረኩ በስተግራ ወለሉ ላይ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ጭረት አሳየችኝ። «ባንዳችሁ ዕቃ ሲጎትት ነው፤ ከመያዣው ይቆረጣል» አለች። ስልኬን አወጣሁ። ዕቃ ከመግባቱ በፊት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ወለሉን፣ ግድግዳውንና መጸዳጃ ቤቱን እየዞርኩ ፎቶ አንስቼ ነበር። ያው ጭረት፣ ያው ቦታ፣ ሰዓቱ ከነቀኑ ፎቶው ላይ አለ። ስልኩን ተቀብላ አጉልታ አየችው። ከዚያ ወለሉን ጎንበስ ብላ አየችና «እሺ፣ የድሮ ነው» ብላ መረከቢያው ላይ ፈረመች። መያዣው በስምንተኛው ቀን ገባልን።